የትኛው ክር ነው የተሳሳተው?

ስለ ዲኤንኤ ጥገና በሚሰጥ ፈተና ተማሪዎች ነጥብ የሚጥሉት አብዛኛውን ጊዜ የፕሮቲን ስም ጠፍቷቸው አይደለም። ስሞቹን ሸምድደው ይገባሉ። የሚቸገሩት ጥያቄው ዘወር ብሎ ሲመጣ ነው። አንዱ ጥገና ዐሥራ ሁለት ፊደል ያህል ቆርጦ ሲጥል ሌላው ለአንዲት ፊደል ብሎ እስከ ሺህ ፊደል የሚያፈርሰው ለምንድን ነው? በጨረር ወዲያው የሚሞት፣ ሚውቴሽኑ ግን ከጤነኛው ያልበለጠ ባክቴሪያ ምኑ ነው የጎደለው? በሰንጠረዥ የተያዘ ዕውቀት እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

በዚህ ምዕራፍ ሁለት ጥገናዎችን ጎን ለጎን እናያለን። አንደኛው በፈተና ወረቀት ላይ ኑክሊዮታይድ ኤክሲዥን ሪፔር የሚባለው ነው፤ እዚህ ቆርጦ አውጪ ጥገና እለዋለሁ። ሁለተኛው ሚስማች ሪፔር ነው፤ እሱን ጥንድ አራሚ ጥገና እለዋለሁ። ሁለቱም የሚሠሩት የዲኤንኤ ክሮች ተጓዳኝ ስለሆኑ ነው። አንዱ ክር ላይ አዴኒን ካለ ፊት ለፊቱ ታይሚን፣ ጉዋኒን ካለ ሳይቶሲን መኖር አለበት፤ ስለዚህ አንዱ ክር ቢበላሽ ሌላው ምን መጻፍ እንዳለበት ይናገራል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በፊት ነው። ከሁለቱ ክሮች የሚጣለው የቱ ነው? እምነት የሚጣልበትስ የቱ ነው? በእኔ እምነት ይህን አንድ ጥያቄ ይዞ የሚገባ ተማሪ በሁለቱ ጥገናዎች መካከል ያለውን ልዩነት ከሞላ ጎደል ራሱ ማውጣት ይችላል።

አንድ የብራና መጽሐፍ በእጅ ሲገለበጥ እናስብ። በአንዱ ገጽ ላይ ሰም ጠብ ብሎ ሁለት ፊደላት ቢጣበቁ የተበላሸው ስፍራ ለማንም ይታያል፤ ሌላውን ቅጂ ከፍቶ ማስተካከል ነው። ነገር ግን ሁለት ንጹሕ ቅጂዎች በአንዲት ፊደል ቢለያዩና ሁለቱም ፊደላት አምረው የተጻፉ ቢሆኑ ገጹን ትኩር ብሎ በማየት ብቻ ስሕተቱን ማግኘት አይቻልም። የትኛው ቅጂ ቀደም ብሎ እንደተጻፈ ማወቅ ያስፈልጋል። የአልትራቫዮሌት ጉዳት እንደ መጀመሪያው፣ የቅጂ ስሕተት ደግሞ እንደ ሁለተኛው ነው።

ጨረሩ የሚያጣብቃቸው ፊደላት

ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዲኤንኤን በቀጥታ የሚጎዳው በዋናነት ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ክፍል ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር ወደ 10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ በደጋ የሚኖር ሰው ቆዳ ከቆላው ይልቅ ብዙ ጨረር የሚቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። በቤተ ሙከራ ባክቴሪያ ለመግደል የሚያገለግለው መብራት ደግሞ 254 ናኖሜትር ላይ ያበራል፤ ይህም ዲኤንኤ ጨረርን አጥብቆ ከሚመጥበት ስፍራ አጠገብ ነው።

ጨረሩ የሚጎዳው በአንድ ክር ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ፒሪሚዲኖችን ነው፤ ማለትም ታይሚንን ወይም ሳይቶሲንን። ሁለት ታይሚኖች ተከታትለው ቢገኙ ኃይሉን መጥጠው እርስ በርሳቸው በኬሚካል ትስስር ይጣበቃሉ። ከሚፈጠሩት ጉዳቶች አብላጫው ሳይክሎቡቴን ዳይመር ይባላል፤ ሁለቱ ቤዞች በሁለት ትስስር ተቆላልፈው አራት ካርቦን ያለው ቀለበት ይሠራሉ። ሁለተኛው ዓይነት ስድስት-አራት ፎቶፕሮዳክት ነው፤ በቁጥር ያነሰ ቢሆንም ክሩን ይበልጥ ያጣምመዋል። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር ጉዳቱ ያለው በአንድ ክር ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ከተጣበቁት ታይሚኖች ፊት ለፊት ያሉት ሁለት አዴኒኖች ምንም አልሆኑም። የተጣበቁት ቤዞች በጤነኛ ዲኤንኤ ውስጥ የማይገኝ ኬሚካል ስለሆኑ የትኛው ክር እንደሚጣል የሚናገረው ጉዳቱ ራሱ ነው። ሕዋሱ ክሩ መቼ እንደተሠራ ማወቅ አያስፈልገውም። ይህ ጥገና ከቅጂ በፊትም ሆነ ከቅጂ በኋላ፣ በማይከፋፈል ሕዋስ ውስጥም ጭምር የሚሠራው ለዚህ ነው።

ጥገናው መኖሩ የታወቀበት ማስረጃ በ1964 የወጣ ነው። ሪቻርድ ሴትሎውና ባልደረባው ጨረርን በሚቋቋም ባክቴሪያ ላይ ጨረር አብርተው የዳይመሮቹን መጨረሻ ተከታተሉ። ዳይመሮቹ ከረጅሙ ዲኤንኤ ውስጥ ቀስ በቀስ ጠፉ፤ ግን ወደ ተራ ታይሚን አልተመለሱም። በአሲድ በሚሟሙ አጫጭር ቁርጥራጮች ውስጥ ተገኙ። ጨረር በሚገድለው ዝርያ ውስጥ ግን ዳይመሮቹ በነበሩበት ቀሩ። ስለዚህ ሕዋሱ ጉዳቱን እንዳለ ከነአካባቢው ቆርጦ ያወጣል ማለት ነው።

በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ይህን የሚያደርጉት ሦስት ፕሮቲኖች ናቸው። ዩቭር-ኤ ከዩቭር-ቢ ጋር ተጣምሮ በዲኤንኤው ላይ እየፈተሸ ይሄዳል። የክሩ ቅርጽ የተዛባበት ስፍራ ሲያገኝ ዩቭር-ኤ ለቅቆ ይሄድና ዩቭር-ቢ ክሮቹን ጥቂት ከፍቶ ጉዳቱን ያረጋግጣል። ከዚያ ዩቭር-ሲ ይመጣና ሁለት ጊዜ ይቆርጣል፤ መጀመሪያ ከጉዳቱ በሦስት-ፕራይም በኩል አራተኛው ወይም አምስተኛው ትስስር ላይ፣ ቀጥሎ በአምስት-ፕራይም በኩል ስምንተኛው ትስስር ላይ። ስለዚህ የሚወጣው ቁራጭ 12 ወይም 13 ኑክሊዮታይድ ይሆናል። ዩቭር-ዲ የተባለው ሄሊኬዝ ቁራጩን ከነዩቭር-ሲው ነቅሎ ያወጣል፣ ፖሊሜሬዝ አንድ ክፍተቱን ይሞላል፣ ሊጌዝ ጫፉን ይዘጋል። ይህን በንጹሕ ፕሮቲኖች ሙከራ ቱቦ ውስጥ በ1983 ያሳየው በዬል ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ቱርካዊው አዚዝ ሳንጃር ነው፤ በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስቱ አንዱ ሆኗል።

የዩቭር-ዲን ስም እንያዝ። ከተማሪዎች ዓይን በቀላሉ የሚሰወር ቢሆንም በምዕራፉ መጨረሻ ለምንሠራው ጥያቄ መልሱ እሱ ጋ ነው።

በሰው ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲኖቹ ብዙ ናቸው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ ማግኘት፣ ማረጋገጥ፣ በሁለት ወገን መቁረጥ፣ መሙላት። ከሁሉ በላይ ማብራሪያ የሚገባው ማግኘትና ማረጋገጥ ለሁለት የተከፈሉበት ምክንያት ነው። ጉዳቱን ቀድሞ የሚያገኘው ኤክስፒ-ሲ የተባለው ፕሮቲን ነው፤ ነገር ግን ኤክስፒ-ሲ ጉዳቱን ራሱን አይነካም። ከጉዳቱ ፊት ለፊት ያለው ጤነኛ ክር ላይ ይይዛል፤ የሚሰማውም ጥንዶቹ በሚገባ አለመያያዛቸውን ነው። እንዲህ በመሆኑ ኤክስፒ-ሲ ተራ የጥንድ ስሕተት ባለበት ወይም ክሮቹ ጥቂት በተከፈቱበት ስፍራም ሊያርፍ ይችላል። እሱ ባረፈበት ሁሉ ቢቆረጥ ኖሮ ጤነኛ ዲኤንኤ ያለ ምክንያት ይቆራረጥ ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛ ፈታሽ አለ። ኤክስፒ-ሲ ባረፈበት ላይ ቲኤፍ-ቱ-ኤች የተባለው የፕሮቲን ስብስብ ይመጣል። በውስጡ ያሉት ኤክስፒ-ቢ እና ኤክስፒ-ዲ ክሮቹን ይከፍታሉ፤ ኤክስፒ-ዲ በአንዱ ክር ላይ ይጓዛል። መንገዱን የሚዘጋ እውነተኛ የኬሚካል ጉዳት ካጋጠመው ይቆማል፤ ጉዳቱም ተረጋገጠ ማለት ነው። ክሩ የተከፈተ ነገር ግን ጤነኛ ከሆነ የሚያቆመው የለም፤ መቁረጡም አይከተልም። ቆርጦ አውጪው ጥገና የቅጂ ስሕተትን የማያርመው ለዚህ ነው። በስሕተቱ ላይ የተቀመጡት ሁለቱም ቤዞች ጤነኞች ስለሆኑ ኤክስፒ-ዲን የሚያቆም ነገር አያገኝም።

ጉዳቱ ከተረጋገጠ በኋላ ኤክስፒ-ኤና ጤነኛውን ክር የሚጠብቀው አርፒኤ ይደርሳሉ። ኤክስፒ-ኤፍ ከባልደረባው ጋር በአምስት-ፕራይም በኩል፣ ኤክስፒ-ጂ በሦስት-ፕራይም በኩል ይቆርጣሉ። ከ24 እስከ 32 ኑክሊዮታይድ ያለው ቁራጭ ይወጣል፤ ክፍተቱን ፖሊሜሬዝ ሞልቶ ሊጌዝ ይዘጋዋል።

አሁን ወደ ሁለቱ የጉዳት ዓይነቶች እንመለስ። ስድስት-አራት ፎቶፕሮዳክት ክሩን በጣም ስለሚያጣምም ኤክስፒ-ሲ ቶሎ ያገኘዋል፤ በሰው ሕዋስ ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ተጠርጎ ይወጣል። ሳይክሎቡቴን ዳይመር ግን ጥንዶቹን ብዙም አያናጋም፤ ኤክስፒ-ሲ ብቻውን በሚገባ አያየውም። በቅድሚያ ኤክስፒ-ኢ የሚገኝበት ሌላ ስብስብ ዳይመሩን ይዞ ክሩን አጥፎ ማሳየት አለበት። እንዲያም ሆኖ አንዳንዱ ዳይመር ከአንድ ቀን በላይ ሳይጠገን ይቆያል። ሕዋሱ ለአስቸኳይ ስፍራዎች ሌላ መንገድ አለው። ጂን እየተነበበ ሳለ አንባቢው አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ ዳይመር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ መቆሙ ራሱ ጥሪ ይሆናል። ሲኤስ-ኤ እና ሲኤስ-ቢ የተባሉ ፕሮቲኖች ያን ተቀብለው ቲኤፍ-ቱ-ኤችን ይጠራሉ። በዚህ መንገድ ኤክስፒ-ሲ አያስፈልግም፤ የሚጠገነውም እየተነበበ ያለው ክር ብቻ ነው።

ሁለቱም ፊደላት ጤነኞች ሲሆኑ

ወደ ሁለተኛው ችግር እንሻገር። ዲኤንኤ ሲገለበጥ ፖሊሜሬዙ አንዳንዴ የተሳሳተ ቤዝ ያስገባል። አብዛኛውን ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ያርማል። ከዚህ እርማት የሚያመልጠው በግምት ከ10 ሚሊዮን ፊደል አንድ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ሕዋስ አንድ ጊዜ ለመከፈል 6 ቢሊዮን ጥንድ መገልበጥ ስላለበት በያንዳንዱ ክፍፍል በመቶዎች የሚቆጠሩ ስሕተቶች ይቀራሉ ማለት ነው። ጥንድ አራሚው ጥገና ከእነዚህ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙን ወይም ከዚያ በላይ ያጠፋል።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። በአሮጌው ክር ላይ ጉዋኒን አለ፤ ፖሊሜሬዙ ፊት ለፊቱ ሳይቶሲን በማስገባት ፈንታ ታይሚን አስገባ። ጥንዱ ስለማይገጥም ክሩ ጥቂት ያብጣል፤ ሚውት-ኤስ የተባለው ፕሮቲን ያንን አግኝቶ ይይዛል። እስከዚህ ድረስ ከዩቭር-ኤ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። ጉዋኒንም ታይሚንም እንከን የሌላቸው ቤዞች ናቸው። ታይሚኑ ቢጣል ዋናው መልእክት ይድናል፤ ጉዋኒኑ ቢጣል ስሕተቱ ለዘለዓለም ይጸናል። በዘፈቀደ ቢሠራ ግማሹ ስሕተት በጥገናው ራሱ ሚውቴሽን ይሆናል። ሚውት-ኤስ የያዘው ስፍራ ላይ ለዚህ ምንም ምልክት የለም።

ምልክቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ1976 ሮበርት ዋግነርና ማቲው ሜሰልሰን አዲሱ ክር ገና የሜቲል ምልክት ስላልተደረገበት ሊለይ ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በኢ. ኮላይ ውስጥ ዳም የተባለ ኢንዛይም ጂኤቲሲ የሚል ቅደም ተከተል ባለበት ሁሉ አዴኒኑ ላይ ሜቲል ይለጥፋል። በክሮሞዞሙ ላይ ወደ 19,000 ያህል እንዲህ ያሉ ስፍራዎች አሉ። ዳም ግን ከፖሊሜሬዙ ኋላ ስለሚከተል ገና የተገለበጠ ዲኤንኤ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አሮጌው ክር ሜቲል ያለው፣ አዲሱ ክር የሌለው ሆኖ ይቆያል። ጥገናው መጠናቀቅ ያለበት በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ዳም አዲሱንም ክር ምልክት ካደረገበት በኋላ ሁለቱን የሚለይ ነገር አይኖርም።

ፖል ሞድሪችና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ሒደቱን ደረጃ በደረጃ ፈትተው በ1989 በንጹሕ ፕሮቲኖች ሙሉ በሙሉ መልሰው አሠሩት። ሚውት-ኤስ ስሕተቱን ይይዛል፤ ሚውት-ኤል ይቀላቀለዋል፤ ሁለቱ በአንድነት ሚውት-ኤችን ያነቁታል። ሚውት-ኤች በአቅራቢያው ባለ ጂኤቲሲ ላይ ሜቲል የሌለውን ክር ብቻ ይቆርጣል። ከዚያ ከተቆረጠበት ጀምሮ ሄሊኬዝ ክሩን ይፈታል፣ ኤክሶኑክሊዬዝ ደግሞ እስከ ስሕተቱ ድረስና ትንሽ አልፎ ይበላዋል። ቁርጡ ከስሕተቱ በየትኛውም ወገን ሊሆን ስለሚችል ከሁለቱም አቅጣጫ የሚበሉ ኤክሶኑክሊዬዞች አሉ። ክፍተቱን ፖሊሜሬዝ ሦስት ሞልቶ ሊጌዝ ይዘጋዋል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ እነሆ። ቆርጦ አውጪው 12 ፊደል ብቻ የሚያወጣው ምልክቱ ጉዳቱ ራሱ ስለሆነ ነው፤ መቁረጫዎቹ ከጉዳቱ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ጥንድ አራሚው ግን ስሕተቱን አንድ ቦታ፣ የክሩን ዕድሜ የሚናገረውን ምልክት ሌላ ቦታ ያገኛል። በመካከላቸው እስከ ሺህ ፊደል ሊኖር ይችላል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ በመካከል ያለው ሁሉ መፍረስ አለበት። ፖሊሜሬዞቹም የተለያዩት ከዚህ ጋር በሚስማማ መንገድ ነው፤ አጭሩን ክፍተት ፖሊሜሬዝ አንድ ይሞላል፣ ረጅሙን ደግሞ ክሮሞዞሙን የሚገለብጠው ዋናው ፖሊሜሬዝ ሦስት።

ሰው የዳም ምልክትም ሚውት-ኤችም የለውም። የሚውት-ኤስን ሥራ ኤምኤስኤች-ሁለት ከባልደረባው ጋር፣ የሚውት-ኤልን ሥራ ኤምኤልኤች-አንድ ከፒኤምኤስ-ሁለት ጋር ሆነው ይሠራሉ። ክሩን ለመለየት የሚያገለግሉት በአዲሱ ክር ላይ ገና ያልተዘጉ ክፍተቶችና በመገልበጫው ላይ እንደ ቀለበት የተጠለቀው ፒሲኤንኤ የተቀመጠበት አቅጣጫ ናቸው። ፒኤምኤስ-ሁለት ራሱ በፒሲኤንኤ ተቀስቅሶ አዲሱን ክር ይቆርጣል። ምልክቱ ቢለወጥም መርሁ ያው ነው፤ ዕድሜው የሚታወቀው ከስሕተቱ ውጭ ባለ ነገር ነው።

ጥገናው ሲጎድል በሰው ላይ የሚታየው

ሁለቱ ጉድለቶች በሕክምና የሚለዩት ዕጢው በሚወጣበት ቦታና በዲኤንኤው ላይ በሚቀረው ፈለግ ነው። ቆርጦ አውጪው ሲጎድል ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የተባለው የዘር በሽታ ይመጣል። ሕፃኑ ፀሐይ በነካው ቆዳ ላይ ገና በልጅነቱ ነጠብጣብ ያወጣል፤ የቆዳ ካንሰርም በጣም ቀድሞ ይከተላል። የበሽታው ምክንያት የጥገና ጉድለት መሆኑን በ1968 ያሳየው ጄምስ ክሊቨር ነው። ኤክስፒ የሚለው የፕሮቲኖቹ ስም የተገኘውም ከዚህ በሽታ ነው። በዕጢው ዲኤንኤ ውስጥ ፒሪሚዲኖች ጎን ለጎን ባሉበት ሳይቶሲን ወደ ታይሚን ተለውጦ ይገኛል፤ አንዳንዴም ሁለት ሳይቶሲኖች በአንድነት ሁለት ታይሚን ሆነዋል። ይህ ሁለተኛው ለውጥ የአልትራቫዮሌት ጨረር ልዩ አሻራ ነው።

ጥንድ አራሚው ሲጎድል የሚመጣው ሊንች ሲንድሮም ነው፤ በወጣትነት የሚጀምር የደንዳኔና የማሕፀን ካንሰር ያስከትላል። አሻራው ፈጽሞ የተለየ ነው። አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ በሚደጋገምበት ስፍራ ፖሊሜሬዙ ይንሸራተትና አንድ ሁለት ፊደል ይጨምራል ወይም ይዘላል። ጤነኛ ሕዋስ ይህን ወዲያው ያርማል። ጉድለት ባለበት ዕጢ ግን ድግግሞሾቹ እያጠሩና እየረዘሙ ይሄዳሉ። ባት-26 የተባለው ስፍራ 26 አዴኒኖች የተደረደሩበት ነው፤ ሐኪሞች ከዕጢውና ከሕመምተኛው ጤነኛ ሕዋስ ይህን ስፍራ አባዝተው ርዝመቱን ያወዳድራሉ። የዕጢው አጥሮ ከተገኘ ጥንድ አራሚው እንደተበላሸ ጠንካራ ምልክት ነው።

ፈተና አውጪዎች የሚወዱት አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። የዜሮደርማ ሕመምተኞች ሁሉ ቆርጦ አውጪ ጥገናቸው የጎደለ አይደለም። ኤክስፒ-ቪ የተባለው ዓይነት ያለባቸው ሰዎች ዳይመርን ቆርጠው ያወጣሉ። የጎደላቸው ፖሊሜሬዝ ኢታ ነው፤ ሥራውም ቅጂው ያልተጠገነ ዳይመር ላይ ሲደርስ ፊት ለፊቱ ትክክለኛዎቹን ሁለት አዴኒኖች አስገብቶ ማለፍ ነው። እሱ ከሌለ ሌሎች ፖሊሜሬዞች ይተኩና ይሳሳታሉ። በጥያቄው ውስጥ ዳይመሮቹ ከዲኤንኤው እየወጡ እንደሆነ ከተነገረ መልሱ ኤክስፒ-ኤ ወይም ኤክስፒ-ሲ ሊሆን አይችልም።

አንድ ጥያቄ እስከ መጨረሻው

አሁን በፈተና የሚመጣውን ዓይነት ጥያቄ እንሥራ። ሦስት የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ተሰጥተዋል። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሙከራ ተደርጓል። በመጀመሪያው 254 ናኖሜትር ጨረር በመጠኑ አብርቶ ስንቱ እንደሚተርፍ መቁጠር ነው። በሁለተኛው ሪፋምፒሲን ባለበት ሳህን ላይ 100 ሚሊዮን ሕዋስ ዘርቶ መድኃኒቱን ተቋቁመው የሚያድጉትን መቁጠር ነው። ሪፋምፒሲንን መቋቋም የሚመጣው ከአንድ ጂን ሚውቴሽን ስለሆነ የኮሎኒዎቹ ቁጥር የሚውቴሽንን ብዛት ያሳያል። ጤነኛው ዝርያ ከጨረሩ በአብዛኛው ይተርፋል፤ በሪፋምፒሲን ሳህን ላይም አንድ ሁለት ኮሎኒ ብቻ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ዝርያ ከጨረር ከሺህ አንድ እንኳ አይተርፍም፤ በሪፋምፒሲን ሳህን ላይ ግን እንደ ጤነኛው አንድ ሁለት ነው። ሁለተኛው ከጨረር እንደ ጤነኛው ይተርፋል፤ በሪፋምፒሲን ሳህን ላይ ግን ከመቶ በላይ ኮሎኒ ይሰጣል። ሦስተኛው በጨረር እንደ መጀመሪያው ያልቃል፣ በሪፋምፒሲን ሳህን ላይ እንደ ሁለተኛው ይበዛል። በእያንዳንዱ የጎደለው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ዩቭር-ኤን፣ ዩቭር-ቢን ወይም ዩቭር-ሲን አጥቷል። ጨረር ባልነካው የባክቴሪያ እርባታ ውስጥ ዳይመር ስለሌለ ሚውቴሽኑ እንደ ጤነኛው መሆኑ አያስገርምም። ሁለተኛው ሚውት-ኤስን፣ ሚውት-ኤልን ወይም ሚውት-ኤችን አጥቷል፤ ዳይመርን የሚያወጣው ሌላ መሣሪያ ስለሆነ ጨረሩ አልጎዳውም። ሦስተኛው ላይ ብዙዎች ሁለት ጂኖች በአንድነት ተበላሽተዋል ብለው ይመልሳሉ። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ጂን ብቻ ይበቃል። ዩቭር-ዲ ነው። ባለ 12 ፊደሉን ቁራጭ የሚነቅለውም፣ ከሚውት-ኤች ቁርጥ ጀምሮ ረጅሙን ክር የሚፈታውም ይኸው አንድ ሄሊኬዝ ነው። ለማረጋገጥ ጤነኛ የዩቭር-ዲ ጂን ብቻ በፕላስሚድ ማስገባት ይበቃል። ሁለቱም ጉድለቶች በአንድ ጊዜ ከጠፉ ጂኑ አንድ ነበር፤ አንዱም ካልተስተካከለ ወይም አንዱ ብቻ ከተስተካከለ ጉድለቱ ሌላ ቦታ አለ።

ሙከራውን ሊያበላሽ የሚችል አንድ ነገር አለ። ጨረር የተቀበሉትን ሳህኖች ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ያስቀመጠ ሰው የመጀመሪያው ዝርያ ሳይሞት ሲተርፍ ሊያይ ይችላል። ኢ. ኮላይ ፎቶላይዝ የተባለ ኢንዛይም አለው፤ ከሰማያዊ ብርሃን ኃይል ወስዶ የተጣበቁትን ታይሚኖች ሳይቆርጥ ይለያያቸዋል። ስለዚህ ሳህኖቹ ከጨረሩ በኋላ በጨለማ ማደግ አለባቸው። ሰው ይህ ኢንዛይም የለውም፤ ዳይመርን ለማስወገድ ያለው መሣሪያ ቆርጦ አውጪው ብቻ ነው።

አራተኛ ዝርያ እንጨምር፤ ዳምን ያጣ። ሜቲል የሚለጥፍ የለም፣ ስለዚህ አሮጌውም አዲሱም ክር ምልክት የላቸውም። ሚውት-ኤስ ስሕተቱን ያገኛል፣ ሚውት-ኤችም ይቆርጣል፤ ግን የሚቆርጠው ክር የቱንም ሊሆን ይችላል። አሮጌው በተቆረጠ ቁጥር ስሕተቱ ይጸናልና ሚውቴሽኑ ይጨምራል። ዳም ከመጠን በላይ ሲመረትም ሚውቴሽን ይጨምራል፤ አዲሱ ክር ቶሎ ምልክት ስለሚደረግበት ጥገናው ጊዜ ያጣል። ዳም የሌለው ዝርያ ግን ሌላም አደጋ አለበት። ሚውት-ኤች አንዳንዴ በአንድ ስፍራ ሁለቱንም ክሮች ይቆርጥና ክሮሞዞሙን ይበጥሳል። ብጥሱን የሚቀጥለው ሬክ-ኤ የሚገኝበት መንገድ ነው፤ ስለዚህ ዳምንም ሬክ-ኤንም ያጣ ዝርያ አይኖርም።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይጠናከራል። ዳምንና ሬክ-ኤን ባጣው ዝርያ ላይ ሦስተኛ ጂን፣ ሚውት-ኤስን፣ ብናጠፋ ምን ይሆናል? ጉድለት ሲደራረብ ነገር ይባባሳል ብሎ የሚያስብ ተማሪ የባሰ ይሞታል ይላል። ነገር ግን ባክቴሪያው ይድናል። ሚውት-ኤስ ከሌለ ሚውት-ኤችን የሚቀሰቅስ የለም፤ ካልተቀሰቀሰም ክሮሞዞሙ አይበጠስም፤ ካልተበጠሰም ሬክ-ኤ አያስፈልግም። ሚውት-ኤል ወይም ሚውት-ኤች ቢጠፋም ውጤቱ ያው ነው። ዩቭር-ኤ ቢጠፋ ግን ባክቴሪያው ከመሞት አይድንም፤ ክሮሞዞሙን የሚበጥሰው ቆርጦ አውጪው ጥገና አልነበረምና።